ጠያቂውን ሳያውቁ የዋጋ ንረትን እንዴት ማስረዳት ይቻላል?

ባሕር ዳር፣ ጣና ዳር ቁጭ ብዬ ሳለ ከማላውቀው ቁጥር «የዋጋ ንረት ምንድን ነው?» የሚል መልእክት ገባልኝ። ተማሪ ይሁን ነጋዴ የሚጠቁም ነገር የለውም። እንዲህ ሲያጋጥም እኔ የምሄድበት መንገድ ይህ ነው።

መጀመሪያ፣ ማንም በሚያውቀው አስቤዛ ይጀምሩ። ትርጉሙን ማስቀደም አያስፈልግም። ለስሌት ያህል፣ አንድ ቤት አምና በጥቅምት ለጤፍ 2,000፣ ለዘይት 1,000፣ ለዓሣ 800፣ ለሽንኩርት 200፣ በድምሩ 4,000 ብር አወጣ እንበል። ዘንድሮ በዚያው ወር ያንኑ መጠን ሲገዛ ጤፉ 2,300፣ ዘይቱ 1,200፣ ዓሣው 900፣ ሽንኩርቱ 400 ሆነ፤ ድምሩ 4,800 ነው። ጭማሪውን፣ ማለትም 800ን፣ ለ4,000 ሲያካፍሉት 20 በመቶ ይመጣል። የዚህ ቤት የዋጋ ንረት ይኸው ነው።

እዚህ ላይ ብዙ ሰው የአራቱን ዕቃዎች መቶኛ ደምሮ ለአራት ያካፍልና ወደ 37 በመቶ ያገኛል። ስህተት ነው። ሽንኩርት በእጥፍ ቢጨምርም ቤቱን ያስወጣው ተጨማሪ 200 ብር ብቻ ነው፤ ጤፍ ግን በ15 በመቶ ብቻ ጨምሮ 300 ብር ወስዷል። ብዙ ገንዘብ የሚወጣበት ዕቃ በስሌቱም ይከብዳል።

ቀጥሎ ንረት ያልሆነውን ይለዩለት። ነፋስ በርትቶ ታንኳዎች ሐይቁ ላይ ሳይወጡ ሲቀሩ ቆሮሶ የሚባለው ዓሣ ይወደዳል፤ ነፋሱ ሲበርድ ዋጋው ይመለሳል። የአንድ ዕቃ መወደድ ብቻውን ንረት አይባልም። ንረት የሚባለው የአብዛኛው ዕቃና አገልግሎት ዋጋ አብሮ ሲወጣና መውጣቱን ሲቀጥል ነው።

ሦስተኛው ከሁሉም በላይ ጊዜ ሊሰጡት የሚገባ ነው። ዜናው «የዋጋ ንረት ወደ 10 በመቶ ወረደ» ሲል ሰሚው «ታዲያ ገበያው የታለ የረከሰው?» ይላል። እውነቱን ነው፣ አልረከሰም። የዚያው ቤት አስቤዛ በሚቀጥለው ዓመት ከ4,800 ወደ 5,280 ብር ቢደርስ ንረቱ 10 በመቶ ነው። ከ20 ወደ 10 ወርዷል፤ ቤቱ ግን አሁንም 480 ብር ጨምሮ ይከፍላል። የቀዘቀዘው የጭማሪው ፍጥነት ነው። ጠያቂው ይህን ከያዘ ዋናውን ይዟል።

ምክንያቱን በመጨረሻ፣ ባጭሩ ያንሱ፦ ምርት ሳይጨምር በገበያው የሚዘዋወረው ብር ሲበዛ፣ ምርት ሲያጥር፣ ወይም ብር ከዶላር አንጻር ሲዳከምና ከውጭ የሚገባው ነዳጅና ዘይት ሲወደድ።

ከዚያ አንድ ጥያቄ ይጨምሩ፦ «ለትምህርት ነው፣ ለሥራ፣ ወይስ ዜና ላይ ሰምተው?» ለተማሪ የዋጋ መለኪያው እንዴት እንደሚሠራ ይቀጥሉለታል፤ ለነጋዴ የሸጠውን ዕቃ መልሶ ለመተካት ስንት ብር እንደሚያስፈልገው ያሰሉለታል።