ደሞዝ ሲገባ በራሱ የሚከፋፈለው ብር ለምን ይዛነፋል? ችግርና መፍትሄ

ደሞዝን በሦስት ሒሳብ ከፋፍሎ መኖር ከከተማው ዳር ላለን ሰዎች በጣም ይጠቅማል። ቦሌ አራብሳ፣ ቱሉ ዲምቱ ወይም ጀሞ ኮንዶሚኒየም የሚኖር ደሞዝተኛ የቤት ዕዳ፣ የትምህርት ቤት ክፍያ፣ የእድርና የጥበቃ መዋጮ አለበት፤ ከዚያ ላይ በየቀኑ ረጅም የታክሲ መንገድ አለ። ሁሉም ብር አንድ ሒሳብ ላይ ሲቀመጥ የታክሲውና የአስቤዛው ወጪ የቤት ዕዳውን ይበላዋል። ስለዚህ ብዙዎች አንዱን ሒሳብ ለቋሚ ክፍያ፣ አንዱን ለቁጠባ፣ አንዱን ለዕለት ወጪ ያደርጉና ደሞዝ ሲገባ ብሩ ከደሞዙ ሒሳብ ወደ እነዚህ በራሱ እንዲተላለፍ ለባንኩ ቋሚ ትዕዛዝ (ስታንዲንግ ኦርደር) ይሰጣሉ። ከዚያ አንድ ቀን መልእክት ይመጣል፤ ወይም መምጣት የነበረበት መልእክት ይቀራል።

ምልክት፦ ዝውውሩ አንዳንድ ወር ይሠራል፣ አንዳንድ ወር ይቀራል

ብዙ ሰው የሚማረርበት ችግር ይህ ነው። ምክንያቱም ብዙ ጊዜ ከባንኩ ሲስተም ሳይሆን ከቀን አቆጣጠር ይመጣል።

የአንዲት ጎረቤቴን ነገር ልንገራችሁ። ቦሌ አራብሳ ትኖራለች፤ ደሞዟ በኢትዮጵያ ወር በገባ በ25 ይከፈላል። ትዕዛዙን የሰጠችው ታኅሣሥ 25፣ 2017 ዓ.ም ደሞዝ በገባበት ዕለት ነበር። ያ ቀን በፈረንጆች ጃንዋሪ 3 ነው። የባንኩ ሲስተም የሚቆጥረው በፈረንጆች ወር ስለሆነ ፎርሙ ላይ «በየወሩ በ3» ተብሎ ተሞላ። ፌብሩዋሪ 3 በትክክል ሠራ፤ ደሞዙ የገባው ጥር 25 ማለትም ፌብሩዋሪ 2 ነበርና። ማርች 3 ላይ ግን ቀረ። የካቲት 25 ማርች 4 ላይ ስለዋለ ትዕዛዙ ከደሞዙ አንድ ቀን ቀድሞ ባዶ ሒሳብ ላይ ደረሰ። ኤፕሪል 3 ደግሞ ራሱ መጋቢት 25 ነበር፤ ትዕዛዙ ጠዋት ሮጠ፣ ደሞዙ ከሰዓት ገባ፣ አሁንም ቀረ። ሜይ 3ም ራሱ ሚያዝያ 25 ስለነበር እንዲሁ ቀረ። ከጁን እስከ ሴፕቴምበር ምንም ችግር አልነበረም። «በቃ ተስተካከለ» ብላ በተወችው ጊዜ ኦክቶበር 3 ላይ እንደገና ቀረ።

ቅርንጫፉ ሄዳ ስትጠይቅ የመስኮቱ ሠራተኛ ኮምፒውተሩን አይቶ፣ «እህቴ፣ ትዕዛዙ ሠርቷል፤ ሒሳቡ ላይ ግን ብር አልነበረም» አላት። እውነቱን ነው።

ከጳጉሜን በቀር የኢትዮጵያ ወር ሁልጊዜ 30 ቀን ነው፤ የፈረንጆቹ 28፣ 29፣ 30 ወይም 31 ይሆናል። ስለዚህ «ወር በገባ በ25» የሚባለው የደሞዝ ቀን በፈረንጆች አቆጣጠር በየወሩ ይንሸራተታል። መስከረም 25 ኦክቶበር 5 ላይ ይውላል፤ ጥቅምትና ኅዳር ወደ 4 ይወርዳሉ፤ ታኅሣሥ 3፣ ጥር 2 ይሆናል። ፌብሩዋሪ አጭር ስለሆነ የካቲት ተመልሶ ወደ ማርች 4 ይዘላል፤ ከዚያ እንደገና እየወረደ ሄዶ ሐምሌ 25 ኦገስት 1 ላይ፣ ነሐሴ 25 ደግሞ ኦገስት 31 ላይ ያርፋል። ጳጉሜን ሲያልፍ መስከረም 25 ወደ ኦክቶበር 5 ይመለሳል። ጳጉሜን 6 ቀን በሆነች ማግስት ባለው ዓመት ከመስከረም እስከ ጥር ድረስ ሁሉም በአንድ ቀን ይገፋል፤ የ2020 ዓ.ም መስከረም 25 ኦክቶበር 6 ላይ የሚውለው ለዚህ ነው።

ችግራችሁ ይህ መሆኑን ለማወቅ የስድስት ወር ስቴትመንት አውጡ። ደሞዝ የገባበትንና ዝውውሩ የተሞከረበትን ወይም የወጣበትን ቀን ጎን ለጎን ጻፉ። የቀሩት ወራት ሁሉ ትዕዛዙ ከደሞዙ የቀደመባቸው ወይም እኩል የዋለባቸው ከሆኑ ምክንያቱ ተገኝቷል። ከደሞዙ በኋላ ውሎም የቀረ ካለ ግን ጉዳዩ ሌላ ነው፤ ከመጠየቅ በፊት ቀሪ ሒሳቡ የዝውውሩን መጠንና የአገልግሎት ክፍያውን አንድ ላይ ይሸፍን እንደነበር ተመልከቱ።

መፍትሄው ትዕዛዙን ደሞዛችሁ በዓመቱ ውስጥ በፈረንጆች አቆጣጠር ከሚደርስበት የመጨረሻ ቀን ቢያንስ አንድ ቀን አሳልፎ ማስያዝ ነው። በ25 ለሚከፈል ሰው የመጨረሻው ቀን 5 ነው፤ ጳጉሜን 6 ስትሆን 6 ይሆናል። ስለዚህ እኔ የምመክረው 7ን ነው። 5ን መያዝ ይበቃል የሚል ሰው የ2018ቱን መስከረም 25 ያስብ፤ ኦክቶበር 5፣ 2025 እሑድ ነበር፤ ደሞዙን ሰኞ የሚያስገባ መሥሪያ ቤት ቢሆን ትዕዛዙ ባዶ ሒሳብ ያገኝ ነበር። ደሞዛችሁ በሌላ ቀን ከሆነ የ12ቱንም ወር ቀን በፈረንጆች አውጥታችሁ በጣም ዘግይቶ ከሚውለው ቢያንስ አንድ ቀን አሳልፉ። መሥሪያ ቤታችሁ በፈረንጆች ወር የሚከፍል ከሆነ ግን ይህ ሁሉ አያሰጋችሁም።

ምልክት፦ ቀኑ ተስተካክሎም ብሩ ከዝውውሩ በፊት ያልቃል

ትዕዛዙ 7 ላይ ሲሆን አዲስ ክፍተት ይፈጠራል። የነሐሴ ደሞዝ ኦገስት 31 ይገባል፤ ዝውውሩ የሚሠራው ሴፕቴምበር 7 ነው። በዚያ ሳምንት ውስጥ ያ ሁሉ ብር አንድ ሒሳብ ላይ ተቀምጦ ካርዱ ኪሳችሁ ውስጥ አለ። ከዚያም ላይ የዘመን መለወጫ ገበያ ነው።

እዚህ ላይ ብዙ ሰው ሁሉንም ነገር በራሱ እንዲሄድ ማድረግ ይፈልጋል። እኔ አልስማማም። በራሱ መሄድ ያለበት ሰው የሚረሳው ነገር ነው፤ ቁጠባና ቋሚ ክፍያ። የአስቤዛና የታክሲ ብር ግን ማንም አይረሳም። ስለዚህ የደሞዙን ሒሳብ ካርድ አታውጡበት፤ ካለም ቤት ይቀመጥ። ደሞዝ በገባ ዕለት የወሩን የዕለት ወጪ ብቻ በስልካችሁ ወደ ወጪ ሒሳቡ አስተላልፉ፤ ካርዱም በዚያ ላይ ይሁን። የቀረው ብር ሳይነካ ቆይቶ በ7 በራሱ ይከፋፈላል። የደሞዙ ሒሳብና ሦስቱም ሒሳቦች አንድ ባንክ ውስጥ ቢሆኑ ይሻላል፤ ከባንክ ወደ ባንክ ሲሆን የአገልግሎት ክፍያው ይጨምራል፣ ችግር ሲፈጠርም የት እንደቆመ ለማግኘት ያስቸግራል።

የኮንዶሚኒየሙን ዕዳ ባንኩ ራሱ ከሒሳብ የሚቆርጥ ከሆነ የሚቆርጥበትን ቀን ጠይቁ። ከ7 በፊት ከሆነ የክፍያ ሒሳቡ ላይ ሁልጊዜ የአንድ ወር ዕዳ ቀድሞ ተቀምጦ መገኘት አለበት፤ ይህን አንድ ጊዜ ከሞላችሁት በኋላ ራሱን እየተካ ይሄዳል።

ምልክት፦ ዝውውሩ በየወሩ ይሠራል፣ መስከረም ላይ ግን የክፍያ ሒሳቡ ባዶ ነው

ምክንያቱ ሁለት ነው፤ ሁለቱም የሚገናኙት ዓመቱ ሲለወጥ ነው። አንደኛው በየወሩ የማይመጣ ክፍያ ነው፤ የትምህርት ቤት ምዝገባና የሩብ ዓመት ክፍያ። ሁለተኛው ጳጉሜን ናት። በወር ደሞዝ ለሚኖር ሰው ለጳጉሜን ለብቻዋ ደሞዝ የለም፤ ከነሐሴ 25 እስከ መስከረም 25 ያለው 35 ቀን ነው። የ30 ቀን ብር 35 ቀን እንዲያደርስ ይጠበቅበታል ማለት ነው።

ለምሳሌ 16,000 ብር እጇ ላይ የሚደርስ አንዲት እናት እንውሰድ። የልጇ ትምህርት ቤት በሩብ ዓመት 8,000 ብር፣ ለምዝገባ 3,000 ብር ያስከፍላል፤ በዓመት 35,000 ብር። ለ12 ሲካፈል 2,917 ይመጣል፤ 2,950 ትያዝ። የዕለት ወጪዋ በወር 7,500፣ ማለትም በቀን 250 ብር ነው፤ የጳጉሜን አምስት ቀን 1,250 ብር ተጨማሪ ይፈልጋል። ለበዓሉ ደግሞ 4,000 ብር ብትመድብ አንድ ላይ 5,250 ይሆናል፤ ለ12 ሲካፈል 438፣ ስለዚህ በወር 450 ትያዝ።

አሁን የክፍያ ሒሳቧ ይህን ይመስላል፦ የቤት ዕዳ 2,600፣ መብራትና ውኃ 600፣ እድርና የሕንፃ ጥበቃ 300፣ ስልክና ኢንተርኔት 500፣ ትምህርት ቤት 2,950፣ ጳጉሜንና በዓል 450፤ ጠቅላላ 7,400 ብር። 7,500 ለዕለት ወጪ፣ 1,000 ለቁጠባ ይሄዳል። 100 ብሩ ለአገልግሎት ክፍያ ደሞዙ ሒሳብ ላይ ይቀራል፤ ይህች 100 ብር ከሌለች ለጥቂት ብር ጉድለት ሙሉው ዝውውር ሊቀር ይችላል።

በመካከለኛ ወራት የክፍያ ሒሳቡ ላይ ብር ሲጠራቀም «ትርፍ አለ» ብላችሁ አትንኩት። የመስከረም ብር ነው። ይህን ዘዴ የምትጀምሩት በዓመቱ አጋማሽ ከሆነ ደግሞ ለ12 አታካፍሉ፤ እስከ ነሐሴ 25 በቀሩት ደሞዞች ቁጥር አካፍሉ። ከየካቲት ደሞዝ የጀመረ ሰው ሰባት ደሞዝ ብቻ አለው፤ 5,250 ለ7 ሲካፈል በወር 750 ነው።

ካርድ ቆጣሪ ያለው ቤት የመብራቱን ብር ወደ ዕለት ወጪ ቢያዞረው ይሻላል፤ ካርዱ የሚሞላው ባለቀ ጊዜ እንጂ በወር ቀን አይደለም። እቁብ የገባችሁ ከሆነ ደግሞ ከቁጠባ ሳይሆን ከቋሚ ክፍያ ቁጠሩት፤ ሰው ፊት የተገባ ግዴታ ስለሆነ እንደ ቁጠባ «በዚህ ወር ይለፈኝ» አይባልም።

ምልክት፦ ቁጠባው በ7 ይወጣል፣ በ20 ይመለሳል

ስቴትመንቱ ላይ ከቁጠባ ወደ ወጪ ሒሳብ የተመለሰውን የሦስት ወር ብር ደምሩና ለሦስት አካፍሉ። በየወሩ ተቀራራቢ መጠን ከተመለሰ የዕለት ወጪው ከመጀመሪያው አንሶ ተመድቧል ማለት ነው። ከ1,000 ብር 600ው ከተመለሰ እውነተኛው ቁጠባ 400 ነው፤ ትዕዛዙን ወደ 400 አውርዱና 600ውን ለዕለት ወጪ ጨምሩ። አንድ ወር ብቻ ብዙ ተመልሶ ሌሎቹ ንጹሕ ከሆኑ ግን ትዕዛዙን አትንኩ፤ ያ ሕመም ወይም ለቅሶ ነው፣ ቁጠባውም የተቀመጠው ለእንዲህ ያለ ቀን ነው።

ደሞዙ ሳምንትና ሁለት ሳምንት የሚዘገይ መሥሪያ ቤት ውስጥ ላለ ሰው የቀን ትዕዛዝ አይሠራለትም፤ የትኛውም ቀን ቢያዝ አንድ ወር መቅረቱ አይቀርም። እንዲህ ላለ ሰው ሁለት መንገድ አለ። የመሥሪያ ቤቱ ፋይናንስ ፈቃደኛ ከሆነ ደሞዙን ከምንጩ ለሁለት ሒሳብ ከፍሎ እንዲያስገባለት በጽሑፍ ይጠይቅ። ካልሆነ የደሞዙ መልእክት ስልኩ ላይ በገባ ሰዓት፣ የዕለት ወጪውን ከማስተላለፉ በፊት፣ መጀመሪያ የክፍያውን ቀጥሎ የቁጠባውን በእጁ ያስተላልፍ።