ከንግግሩ ሥር የሚሰማውን ድምፅ ያጠፋንበት መንገድ

ለአጭር ፊልማችን የመረጥነው ሳሎን ጸጥ ያለ ይመስል ነበር። በሙከራ ቀረጻው ላይ ግን ከንግግሩ ሥር ዝቅ ያለ፣ የማያቋርጥ ድምፅ ገባ። ጆሮ እንዲህ ያለውን ድምፅ ይለምደዋል፤ ማይክሮፎን አይለምድም። በማዳመጫ እየሰማን የኤሌክትሪክ ዕቃዎችን አንድ በአንድ አጠፋን፤ ድምፁ የጠፋው በጎን ያለው ክፍል ውስጥ ያለው ማቀዝቀዣ ሲጠፋ ነው። ማቀዝቀዣ እየተነሳ እየቆመ ስለሚሠራ ቦታውን ለአፍታ ብቻ ያየ ሰው ሊያመልጠው ይችላል። አሁን ከቀረጻ በፊት ቦታውን ለማየት በምናደርገው ጉብኝት ቢያንስ ግማሽ ሰዓት እንቀመጣለን።

ከባለቤቱ በጽሑፍ የምንወስደው ፈቃድም ማቀዝቀዣውን ማጥፋትን ይጨምራል። ስናጠፋው የመኪናችንን ቁልፍ ውስጡ እናስቀምጣለን፤ መልሰን ሳናበራው መሄድ አንችልም። የሰው ምግብ እንዳይበላሽ ከዚህ የተሻለ ዋስትና አላገኘሁም።

ኃይሉን በዚያው ጉብኝት እናሰላለን። እያንዳንዳቸው 1000 ዋት የሆኑ ሁለት መብራቶች በ220 ቮልት 9 አምፔር ያህል ይወስዳሉ። መስመሩ የ10 አምፔር ማቋረጫ ካለው፣ የኤሌክትሪክ ውሃ ማፍሊያ ሲጨመርበት ኃይሉ ይቋረጣል። ስለዚህ አንዱን መብራት ከሌላ መስመር እንሰካለን። የትኛው ሶኬት በየትኛው መስመር ላይ እንዳለ ለማወቅ፣ ባለቤቱ ባለበት ማቋረጫዎቹን በየተራ ማጥፋት ይበቃል።

ለብርሃኑ ደግሞ ጉብኝቱን ቀረጻው በሚደረግበት ሰዓት እናደርጋለን፤ የፀሐይ ብርሃን ከመስኮቱ የሚጠፋበትን ደቂቃም እንመዘግባለን። ሰፊውን ትዕይንት ከዚያ በፊት እንጨርሳለን፤ የፊት ቅርብ ቀረጻዎችን በመብራት ማስመሰል ይቻላል።