ፖታሲየሙን ለማወቅ ሶዲየሙን ተከተሉ

ጅማ ላይ ዋርድ የጀመራችሁ፣ የሚያሸኑ መድኃኒቶችን በሽምደዳ አትያዙ። ፉሮሴማይድ በሄንሌ ሉፕ ወፍራም ክንድ፣ ሃይድሮክሎሮታያዛይድ ደግሞ ከዚያ ቀጥሎ ባለው ቱቦ ሶዲየም ወደ ደም እንዳይመለስ ያግዳሉ። ያመለጠው ሶዲየም መሰብሰቢያው ቱቦ ጋ ሲደርስ ከፊሉ ይመለስና በምትኩ ፖታሲየም ይወጣል፤ ሁለቱም ፖታሲየም የሚያወርዱት ለዚህ ነው። በካልሲየም ግን ይለያያሉ፦ ፉሮሴማይድ በሽንት ያስወጣል፣ ታያዛይድ ያስቀራል።

ስፓይሮኖላክቶን ልውውጡን እዚያው ስለሚገታ ፖታሲየም ከፍ ያደርጋል። ልባቸው የደከመ እናት ፉሮሴማይድ ሲወስዱ ፖታሲየማቸው 3.1 ሚሊሞል በሊትር ቢሆን፣ 25 ሚሊግራም ስፓይሮኖላክቶን ሊታከልላቸው ይችላል። ኢናላፕሪልም ከወሰዱ ፖታሲየምና ክሪያቲኒን በሳምንቱ ይለካ፤ ፖታሲየሙ ከ5.5 ካለፈ የስፓይሮኖላክቶኑ መጠን ይቀነስ፣ ከ6 ካለፈ ይቁም። የፖታሲየም ክሎራይድ ኪኒን ካለም አብሮ እንዳይቀጥል ካርዱን እዩ፤ ብዙ ጊዜ የሚረሳው እሱ ነው።