ለማር ወይም ለእህል አምራቾች ኅብረት ሥራ ማኅበር ስም እንዴት ይወጣል?

የአምራቾች ማኅበር ስም ሁለት ቦታ ይሠራል። አባሉ ምርቱን ሲያስረክብ «የኔ ነው» ማለት አለበት፤ ገዢው ደግሞ ማሰሮው ወይም ጆንያው ላይ ሲያየው ከማን እንደገዛ ማወቅ አለበት። አብዛኛው ስም የሚበላሸው ከሁለቱ አንዱ ሲረሳ ነው።

መጀመሪያ አንድ ስም ይሁን ሁለት ተስማሙ። አንዱ በምዝገባ ሰነዱ ላይ የሚገባው ነው፤ ሌላው የምርቱ መጠሪያ ነው። በአሜሪካ ሚኒሶታ እ.ኤ.አ. በ1921 የተቋቋመ የቅቤ አምራቾች ማኅበር ረጅም የመዝገብ ስም ነበረው። በ1924 ለቅቤው ስም ለማውጣት ውድድር ሲከፍት «ላንድ ኦ ሌክስ» አሸነፈ፤ በ1926 ማኅበሩ ራሱ ስሙን ወደዚያው ቀየረ። ለትንሽ ማኅበር ከመጀመሪያው አንድ ስም ቢሆን ይሻላል። መለያው ላይ ያለው ስምና ክፍያ የሚገባበት የባንክ ሒሳብ ስም ከተለያዩ ገዢው ገንዘቡን ከመላኩ በፊት ይጠራጠራል።

ከዚያ ስም ሰብስቡ። ማንም አባል ያሻውን ይስጥ፣ በዚህ ደረጃ ምንም አይጣል።

ብዙ ጊዜ የሚወስደው ማጥራቱ ነው። ሦስት መንደሮችን ያቀፈና አሁን ማር የሚሸጥ፣ ወደፊት ግን እህልም ለመጨመር ያሰበ ማኅበር እንውሰድ። አምስት ስሞች ቀርበውለታል እንበል፦ «የላይኛው መንደር ማር»፣ «ፈሳሽ ወርቅ»፣ «የግራር አበባ ማር»፣ «ፀሐይ» እና «ቅን ሚዛን»።

«የላይኛው መንደር ማር» መጀመሪያ ይውጣ። የሌሎቹ ሁለት መንደሮች አባላት በሰው ማኅበር ውስጥ ያሉ ይመስላቸዋል፤ ዋጋ ትንሽ ሲሻል ማራቸውን ለነጋዴ የሚሰጡትም እነሱ ይሆናሉ። የሊቀመንበር ወይም የመሥራች ስምም እንዲሁ ነው፤ ሰውየው ሲለቅ ወይም ስሙ ሲጎድፍ ማኅበሩም አብሮ ይጎዳል። ሁሉም መንደሮች የሚጋሩት ወንዝ ወይም ተራራ ካለ ግን ጥሩ ምርጫ ነው።

«ፈሳሽ ወርቅ» የሚያምር ነው፤ ችግሩ ማሩ ላይ ነው። ንጹሕ ማር በተፈጥሮው ይረጋል፤ ግሉኮሱ ወደ ቅንጣት ስለሚለወጥ አንዳንዱ በሳምንታት ውስጥ ይጠነክራል። ስሙ ፈሳሽ እያለ የረጋ ማር ያገኘ ገዢ ስኳር ተቀላቅሎበታል ብሎ ይደመድማል። ቀለምም በወቅቱ አበባ ስለሚለዋወጥ «ነጭ» ወይም «ቀይ» የሚል ስም ተመሳሳይ ጣጣ አለው።

«የግራር አበባ ማር» ደግሞ ከባድ ማረጋገጫ ይጠይቃል። ዓለም አቀፉ የምግብ ደረጃ ኮዴክስ ማርን በአበባ ስም መጥራት የሚፈቅደው ሙሉ በሙሉ ወይም በአብዛኛው ከዚያ አበባ ሲመጣና የዚያኑ ጠባይ ሲይዝ ነው። ንቦች የሚቀስሙትን ማዘዝ አይቻልም። በዚያ ላይ እህል ሲጨመር ስሙ ጠባብ ይሆናል። አበባው ከተረጋገጠ በማሰሮው ላይ ለብቻው ይጻፍ።

«ፀሐይ» ላይ ያለው እንቅፋት ፊደል ነው። በፀ ወይም በጸ፣ በሐ ወይም በሀ ሊጻፍ ይችላል። ምዝገባው አንድ ዓይነት፣ ባንኩ ሌላ፣ ማተሚያ ቤቱ ሦስተኛ ከጻፉት ክፍያ ሊዘገይና ውል ሊያከራክር ይችላል። ከወደዳችሁት አንዱን አጻጻፍ በቃለ ጉባኤ አጽድቁ፤ የላቲን ፊደሉንም አብራችሁ ወስኑ።

«ቅን ሚዛን» ለማርም ለእህልም ይሆናል፤ አጻጻፉም አያሻማም። ከሁሉ በላይ የሚናገረው ነገር በአባላቱ እጅ ያለ ነው፦ አባሉ ሲያስረክብ በዚያው ሚዛን ይመዘንለታል፣ ገዢውም በዚያው ይቀበላል። ነገር ግን ሚዛኑ በየጊዜው ካልተፈተሸ ይህ ስም ከሌላው ይበልጥ ያጋልጣል።

ሁለት ሦስት ስም ሲቀር በስልክ ፈትኑት። ከማኅበሩ ጋር ለማይተዋወቁ አምስት ገዢዎች አንድ ጊዜ ብቻ ንገሯቸው፤ በማግስቱ ደውላችሁ ስሙን ጠይቋቸው፣ ጽፈውም ይላኩላችሁ። ያላስታወሱት ወይም በተለያየ ፊደል የጻፉት ስም ይወድቃል። አባሉም «እኔ የቅን ሚዛን አባል ነኝ» ብሎ ጮክ ብሎ ይበል፤ ካፈረበት ወይም ካሳጠረው ስሙ ገና ነው።

ድምፅ አሰጣጡ በምስጢር ይሁን። እጅ በማውጣት ከተመረጠ ሰው ሊቀመንበሩን እያየ ይከተላል። ማንበብ የማይችሉ አባላት ካሉ ለየስሙ ሣጥን አዘጋጁና ምልክት አድርጉበት፤ ባቄላ ወይም ጠጠር መጣል ይበቃል። ሁለተኛ የወጣውን ስም በቃለ ጉባኤው ላይ በተጠባባቂነት አስፍሩ፤ የመጀመሪያው በሌላ ከተያዘ እንደገና ጉባኤ መጥራት አያስፈልግም።

መለያ፣ ማኅተምና ጆንያ የሚታተመው የምዝገባ ሰነዱ በእጅ ከገባ በኋላ ነው። ማተሚያ ቤቱም ስሙን ከሰነዱ ላይ ፊደል በፊደል ይገልብጥ፤ በስልክ አይነገረው።