ገዳዩ ቲ ሴል በየትኛው መሳሪያ እንደገደለ እንዴት ይለያል? ከኤንኬ ሴል ጋር እያወዳደርን

ገዳይ ቲ ሴል ኢላማውን የሚገድልበት ሁለት ዋና መንገድ አለው። አንደኛው በውስጡ ባሉ ከረጢቶች ያጠራቀመውን ፐርፎሪንና ግራንዛይም መልቀቅ ነው፤ ፐርፎሪን የኢላማውን ሽፋን ይበሳል፣ ግራንዛይም በዚያ ይገባና ሴሉ ራሱን እንዲያጠፋ ያደርገዋል። ሁለተኛው ፋስ ሊጋንድ ነው፣ እሱ ምንም አይበሳም፣ ኢላማው ላይ ያለውን ፋስ የሚባል ተቀባይ ይነካና የሞት ትእዛዝ ያስተላልፋል። ኤንኬ ሴል የሚባለው ሌላው ገዳይ የነጭ ደም ሴልም እነዚሁ መሳሪያዎች አሉት። ላብ ውስጥ ሁለቱን መንገዶች የምንለየው በካልሲየም ነው፣ ምክንያቱም ከረጢቶቹ ለመፈንዳትም ፐርፎሪን ለመብሳትም ካልሲየም የግድ ይፈልጋሉ፣ ፋስ ሊጋንድ ግን ያለ ካልሲየም ይገድላል።

1. ኢላማውን መምረጥ። ለኤንኬ ኬ562 የሚባለው ሴል ይሁን። ኤምኤችሲ ክፍል አንድ የሚባለው መታወቂያ የለውም ማለት ይቻላል፣ ኤንኬ ደግሞ መታወቂያ ያጣውን ነው የሚመታው። ለቲ ሴል ይሄ ኢላማ አይሆንም፣ ቲ ሴል የሚያየው ኤምኤችሲው ላይ የተቀመጠውን ፔፕታይድ የሚባል አጭር የፕሮቲን ቁራጭ ስለሆነ። ስለዚህ ቲ2 የሚባለው ሴል ላይ የኢንፍሉዌንዛ ፔፕታይድ ጫኑና በዚያው ፔፕታይድ ያሳደጋችሁትን ቲ ሴል አምጡ። ፔፕታይድ የሌለው ቲ2ም ጎን ለጎን ይኑር፤ እሱም ከሞተ ካልቸራችሁ ውስጥ ኤንኬ ተቀላቅሏል ብላችሁ ጠርጥሩ። ኤንኬ ከደም እንደወጣ ከረጢቱ ዝግጁ ነው፣ ቲ ሴሉን ግን ሳምንት ያህል ማሳደግ አለባችሁ።

2. ኢላማዎቹን ካልሴይን በሚባል ቀለም ሙሏቸውና እጠቡ። በየጉድጓዱ 10,000 ኢላማና 100,000 ገዳይ፣ ሶስት ሶስት ጊዜ።

3. ካልሲየሙን መያዝ። እኔ የተሳሳትኩት እዚህ ነው። መደርደሪያ ላይ የነበረው ኢዲቲኤ ስለነበር እሱን ጨመርኩ፣ ግድያው በሁሉም ጉድጓድ ዜሮ ሆነ፣ እኔም "በቃ ሁሉም ፐርፎሪን ነው፣ ፋስ የለም" ብዬ ሪፖርት አደረግኩ። በኋላ በማይክሮስኮፕ ሳየው ደነገጥኩ። ካልሲየም ባለበት ጉድጓድ ገዳዮቹ ኢላማውን ከበው ዘለላ ሰርተዋል፣ ኢዲቲኤ ባለበት ግን እንደተበተነ ጤፍ ሁሉም ለየብቻው ነው። ኢዲቲኤ ካልሲየሙን ብቻ ሳይሆን ማግኒዚየሙንም ይይዛል፣ ገዳዩ ኢላማው ላይ የሚጣበቅበት ኤልኤፍኤ-1 ደግሞ ያለ ማግኒዚየም አይሰራም። ሳይነካኩ በየትኛው መሳሪያ እንደሚገዳደሉ ማወቅ አይቻልም፣ የሁለት ወር ስራ እንደዛ ሄደ።

ስለዚህ ኢጂቲኤ ተጠቀሙ፣ እሱ ካልሲየምን እንጂ ማግኒዚየምን አጥብቆ አይዝም፣ ግን እሱም ብቻውን አይግባ፣ ማግኒዚየም ክሎራይድ ጨምሩበት። 2 ሚሊሞላር ኢጂቲኤ ከ4 ሚሊሞላር ማግኒዚየም ጋር ጥሩ ይሰራል፤ አርፒኤምአይ ሚዲየም ውስጥ ያለው ካልሲየም 0.4 ሚሊሞላር ገደማ ስለሆነ በቂ ነው። ኢጂቲኤውን አስቀድማችሁ በሶዲየም ሃይድሮክሳይድ ፒኤች 7.4 አካባቢ አድርሱት፣ ሚዲየሙ ቢጫ ከሆነ አሲድ ሆኗልና ድፉት። ገዳይ የሌለበት፣ ኢላማና ኢጂቲኤ ብቻ ያለበት ጉድጓድም አይቅር። ከመቁጠራችሁ በፊት ደግሞ ዘለላዎቹ መኖራቸውን በአይናችሁ እዩ።

4. በ37 ዲግሪ 4 ሰዓት፣ ከዛ ከላይ ያለውን ፈሳሽ ቀድታችሁ ከሞቱት ኢላማዎች የፈሰሰውን ካልሴይን አንብቡ።

5. ስሌቱ ከሙከራው ንባብ ላይ ገዳይ የሌለበትን ንባብ መቀነስ፣ ከዛ በሳሙና ሁሉም ሲፈነዳ ከሚገኘው ንባብ ላይም ያንኑ ቀንሶ ማካፈል ነው። ለምሳሌ ገዳይ የሌለበት 500፣ ሁሉም የፈነዳበት 3,500፣ ሙከራው 2,300 ቢሆን፣ 1,800 ለ3,000 ሲካፈል 60 በመቶ ነው። ኢጂቲኤና ማግኒዚየም ያለበት 650 ካነበበ 150 ለ3,000፣ 5 በመቶ። ስለዚህ በ4 ሰዓት ውስጥ ከታየው ግድያ አብዛኛው የከረጢት ስራ ነው።

የቀረችውን 5 በመቶ ግን በችኮላ ፋስ አትበሏት፣ ፋስ ሊጋንድን የሚያግድ አንቲቦዲ ስትጨምሩ ከጠፋች ነው ፋስ የምትሆነው። ዜሮ ከመጣም ኢላማው መጀመሪያውኑ በፋስ የሚሞት መሆኑን ፋስን በሚቀሰቅስ አንቲቦዲ ፈትሹ። ኬ562 ለፋስ እምብዛም አይሞትም፣ ስለዚህ ኤንኬ እዛ ላይ በኢጂቲኤ ዜሮ ቢሆን ፋስ ሊጋንድ የለውም ማለት አይደለም፣ በፋስ በቀላሉ የሚሞተው ጁርካት ላይ ድገሙት። በፋስ የሚሞት ሴል ደግሞ ሽፋኑ ቶሎ አይቀደድም፣ ካልሴይኑን ይዞ ይቆያል፣ ለሱ ሰዓቱን አርዝሙና፣ ኢጂቲኤውን አጥባችሁ ካልሲየም ባለበት ፈሳሽ ውስጥ አኔክሲን አምስት በሚባለው ማቅለሚያ ቁጠሩ።