ድመቷን ከሶፋው ያላቀቅኩበት መንገድ

ደብረ ማርቆስ ያለችው ድመታችን የሶፋውን ክንድ ልትጨርሰው ነበር። ድመት የምትቧጭረው ለተንኮል አይደለም። ያረጀውን የጥፍሯን ሽፋን ትጥላለች፣ ሰውነቷን ታፍታታለች፣ ከመዳፏ በሚወጣ ሽታም «ቦታው የኔ ነው» ትላለች። ስለዚህ ቁጣ አይሠራም።

90 ሳንቲሜትር የሚሆን የባሕር ዛፍ ግንድ ሰፊ ጣውላ ላይ ቸነከርኩ። ቃጫ ገመድም አጥብቄ ጠመጠምኩበት። ቁመቱ ተንጠራርታ እንድትቧጭር ነው። ከተወዛወዘ ደግሞ ትሸሸዋለች። ያቆምኩት ጓዳ ሳይሆን እዚያው ሶፋው አጠገብ ነው። ክንዱን በለስላሳ ፕላስቲክ ሸፈንኩት። ከእንቅልፍ ስትነሳ በክር እያጫወትኩ ወደ ግንዱ ሳብኳት፤ ስትቧጭረው ቁራጭ ሥጋ ሰጠኋት። (በጾም ሥጋ ከየት አመጣህ አትበሉኝ!) እግሯን ይዞ ማስቧጨር ግን ያስበረግጋታል።

አሁን ግንዱን በትንሽ በትንሹ ወደ መስኮቱ እያራቅኩት ነው። ገመዱ ቢተለተልም አልቀየርኩትም፤ ሽታዋ ያለው እሱ ላይ ነው።