‹‹ይላል››፣ ‹‹ይሞግታል››፣ ‹‹ያረጋግጣል››፦ ምንጭ ስንጠቅስ የምንሠራቸው ስህተቶች

ባሕር ዳር ውስጥ የመመረቂያ ጽሑፋቸውን የሚያዘጋጁ ወጣቶች ረቂቃቸውን እንዳነብላቸው ይሰጡኛል። ርዕሱ ብዙ ጊዜ ከጣና ሐይቅ አይርቅም፤ ወይ ስለ ዓሣ ሀብት ነው፣ ወይ ስለ ባሕር ሸሽ እርሻ፣ ወይ ስለ እምቦጭ። በነዚህ ረቂቆች ውስጥ ደጋግሜ የማርመው የፊደል ግድፈትን ሳይሆን ምንጭ በሚጠቀስባቸው ዓረፍተ ነገሮች መጨረሻ ላይ የሚቀመጠውን ግስ ነው። አንድ ሰው ‹‹እገሌ ይላል››፣ ‹‹እገሌ ይሞግታል›› ወይም ‹‹እገሌ አረጋግጧል›› ብሎ ሲጽፍ፣ የሌላውን ሰው ሐሳብ ከማስተላለፍ አልፎ ያ ሰው ሐሳቡን በምን ያህል እርግጠኝነት እንዳቀረበውና ጠቃሹ ራሱ ምን ያህል እንደሚቀበለው ይናገራል። ስህተቱ የሚመጣው ይህን ሳያውቀው ሲናገር ነው።

ነገሩን ለማሳየት በተለያዩ ረቂቆች ያየሁትን አሰባስቤ አንድ አንቀጽ እኔው አዘጋጅቻለሁ። በውስጡ የተጠቀሱት ሦስት ምንጮችም ለማሳያ ያህል የታሰቡ ናቸው።

‹‹የመጀመሪያው ጥናት የእምቦጭ መስፋፋት መንስኤ ከማሳ ታጥቦ የሚገባ ማዳበሪያ መሆኑን ያረጋግጣል። ሁለተኛው ጸሐፊ የባሕር ሸሽ እርሻ ችግሩን እንዳባባሰው ያረጋግጣል። በሦስተኛው ጽሑፍም አረሙን በማሽን ማስወገድ ዘላቂ መፍትሔ መሆኑ ተረጋግጧል።››

ምንጩ ምን እንደሠራ ሳይጠይቁ ግስ መምረጥ

አንቀጹ ሦስቱንም ምንጮች በአንድ ሚዛን አስቀምጧቸዋል። ምንጮቹን ገልጠን ብናያቸው ግን የሠሩት ሥራ አንድ ዓይነት አይደለም እንበል። የመጀመሪያው አጥኚ በአንድ ክረምት ከሁለት ወንዞች መግቢያ ላይ የውኃ ናሙና ወስዶ የናይትሮጅንና የፎስፈረስ መጠን ለክቷል፤ መጠኑ ከፍ ባለበት ቦታ አረሙም በዝቶ አግኝቶታል። ሁለተኛው ምንም አልለካም፤ ገበሬዎችን አነጋግሮና የሌሎችን ጽሑፎች አገናዝቦ፣ ውኃው ሲሸሽ ተከትሎ የሚታረሰው መሬት ለአረሙ ምቹ ሁኔታ ይፈጥራል የሚል ሐሳብ በምክንያት አስደግፎ አቅርቧል። ሦስተኛው ማሽኑን የሚያሠራው አካል ያዘጋጀው በራሪ ወረቀት ነው፤ ምን ያህል አረም እንደተነሣ ይናገራል፣ ከተነሣበት ቦታ ምን ያህሉ ተመልሶ እንደበቀለ ግን አልመዘገበም።

እንግዲህ ‹‹ያረጋግጣል›› ከሦስቱ ለማንኛቸውም አይገባም። የመጀመሪያው ሁለት ነገሮች አብረው መገኘታቸውን አሳይቷል፤ አንዱ የሌላው መንስኤ መሆኑን ግን በአንድ ክረምትና በሁለት ቦታዎች መለኪያ ማረጋገጥ አይቻልም። ስለዚህ ግኝቱን ‹‹አሳይቷል››፣ ከግኝቱ የተወሰደውን ትርጓሜ ደግሞ ‹‹ይጠቁማል›› ማለት ይገባል። ሁለተኛው ‹‹ይሞግታል›› ወይም ‹‹ይከራከራል›› ሊባል ይገባዋል፤ ያቀረበው ምክንያትን እንጂ መለኪያን አይደለምና። ሦስተኛው ‹‹ዘላቂ መፍትሔ ነው ይላል››። እምቦጭ ከእናት ተክሉ ተገንጥሎ ስለሚራባ፣ ዘሩም ደለል ውስጥ ለዓመታት ሳይሞት ስለሚቆይ፣ ‹‹ዘላቂ›› የሚለውን ቃል በራስ ኃላፊነት መቀበል ይከብዳል።

በዚህ ስህተት ላይ የማተኩረው ሌሎቹ አብዛኞቹ ከእርሱ ስለሚወለዱ ነው። ግስ ከመምረጣችሁ በፊት የምንጩን የጥናት ዘዴ ክፍል አንብቡ፤ ማጠቃለያውን ብቻ ያነበበ ሰው ‹‹አረጋግጧል›› ለማለት ይቸኩላል፣ ማጠቃለያ ብዙ ጊዜ ከሥራው በላይ እርግጠኛ መስሎ ይጻፋልና።

‹‹መሆኑን›› እና ‹‹ነው ሲል››ን አንድ አድርጎ ማየት

የእንግሊዝኛ የአጻጻፍ መመሪያዎች ስለ ግሱ ብቻ ይነግሩናል። በአማርኛ ግን ግማሹ ፍርድ የሚሰጠው ከግሱ በፊት በሚመጣው ማያያዣ ነው፤ ይህን የሚያስተውል ጸሐፊ ብዙ አላጋጠመኝም። የሚከተሉትን ሁለት ዓረፍተ ነገሮች አስተያዩ።

‹‹ጸሐፊው የባሕር ሸሽ እርሻ ዋናው መንስኤ መሆኑን ገልጿል።››

‹‹ጸሐፊው የባሕር ሸሽ እርሻ ዋናው መንስኤ ነው ሲል ገልጿል።››

ግሱ አንድ ነው። በመጀመሪያው ግን ጠቃሹም ነገሩን እንደ ሐቅ ተቀብሎታል፤ በሁለተኛው ቃሉን ለባለቤቱ ትቶ ራሱን ከኃላፊነት አርቋል። ‹‹እንደሆነ ገልጿል›› ብንል በሁለቱ መካከል ይውላል። መለያው ቀላል ነው፤ ከዓረፍተ ነገሩ ቀጥሎ ‹‹ነገር ግን አይደለም›› የሚለውን ጨምሩበት። ‹‹መንስኤ ነው ሲል ገልጿል፤ ነገር ግን አይደለም›› ያለ ችግር ይነበባል። ‹‹መንስኤ መሆኑን ገልጿል፤ ነገር ግን አይደለም›› ግን ጸሐፊውን ከራሱ ጋር ያጋጨዋል። ‹‹ይሞግታል›› እና ‹‹ይከራከራል›› ከ‹‹ነው ሲል›› ወይም ከ‹‹ነው ብሎ›› ጋር የሚስማሙትም ለዚህ ነው፤ ‹‹መሆኑን ይሞግታል›› ለጆሮም አይጥም፣ ክርክሩ ገና ሳያልቅ ብያኔው ስለተሰጠ።

ከሐይቁ ጋር የተያያዘ አንድ ጥሩ ምሳሌ አለ። ስኮትላንዳዊው ጄምስ ብሩስ በ1770 እንደ ጎርጎርዮስ አቆጣጠር ግሽ ዓባይ ደርሶ፣ ወደ ጣና የሚፈሰውን የግልገል ዓባይን ምንጭ አይቷል። በጻፈው መጽሐፍ ቦታውን ያየ የመጀመሪያው አውሮፓዊ አድርጎ ራሱን አቅርቧል። ነገር ግን ፔድሮ ፓኤዝ የተባለው የኢየሱሳውያን ሚስዮናዊ በ1618 እዚያው ደርሶ ነበር፤ ብሩስም የእርሱን ምስክርነት አልቀበልም ብሎ ተከራክሯል። ‹‹ብሩስ ምንጩን ያየ የመጀመሪያው አውሮፓዊ መሆኑን ገልጿል›› ብሎ የጻፈ ተማሪ፣ ሳያስበው ከፓኤዝ ይልቅ ለብሩስ ፈርዷል። ‹‹የመጀመሪያው እኔ ነኝ ባይ ነበር›› ቢል ግን የብሩስን ቃል ሳያዛባ ያስተላልፋል፣ ፓኤዝን ለመጥቀስም በሩን ክፍት ይተዋል። ‹‹ግሽ ዓባይ መድረሱን ጽፏል›› ማለት ደግሞ ትክክል ነው፤ መድረሱ ዛሬ አያከራክርምና። እንግዲህ የአንድ ሰው ሁለት ቃሎች ሁለት የተለያዩ ማያያዣዎች ሊፈልጉ ይችላሉ።

‹‹ክሌም››ን እንደ ‹‹ይላል›› መቁጠር

አብዛኛው የመመረቂያ ጽሑፍ የሚቀርበው በእንግሊዝኛ ስለሆነ ይህ ስህተት በየረቂቁ አለ። ተማሪው በልቡ ‹‹እገሌ እንዲህ ይላል›› ብሎ ያስብና ‹‹ክሌምስ›› ብሎ ይጽፋል፣ ወገንተኝነት የሌለው ቃል ስለሚመስለው። በእንግሊዝኛ አካዳሚያዊ ጽሑፍ ግን ‹‹ክሌም›› አንባቢውን ‹‹ይህ ሰው ይህን ብሏል፣ ማስረጃው በቂ መሆኑን ግን እኔ አላምንበትም›› ብሎ ያዘጋጀዋል። ለአማርኛው ‹‹ባይ ነው›› የሚቀርብ ቃል ነው። ‹‹አርጊው›› ጸሐፊው አቋም ይዞ በምክንያት እንደደገፈው ይናገራል፣ ጠቃሹ መቀበል አለመቀበሉን ግን ገና አይገልጽም። ‹‹ዴሞንስትሬት›› ደግሞ ጠቃሹ ራሱ ማስረጃውን አይቶ እንደረካ ያሳውቃል።

ጉዳቱ በተግባር ይታያል። አንዲት ተማሪ የጥናቷ መሠረት የሆነውን፣ ከፍ አድርጋ የምታከብረውን ሥራ በአንድ ገጽ ውስጥ አራት ጊዜ ‹‹ክሌምስ›› ብላ ጠቅሳዋለች። በሚቀጥለው ገጽ ደግሞ በዚያው ሥራ ላይ ተመሥርታ መላ ምቷን አቁማለች። ፈታኝ ቢያነበው ‹‹የምትጠራጠሪውን ሥራ ለምን መሠረት አደረግሽ?›› ብሎ መጠየቁ አይቀርም። እርሷ ግን አልተጠራጠረችም፤ ግሱ ነው የተጠራጠረላት።

ጄፍ ቶምፕሰንና ዬ ዪዩን በ1991 እንደ ጎርጎርዮስ አቆጣጠር ባወጡት ጥናት እነዚህን ግሶች በጠቃሹ አቋም ለሦስት ከፍለዋቸዋል፤ ጠቃሹ እውነት ብሎ የሚቀበልባቸው፣ ስህተት ብሎ የሚያቀርብባቸው፣ አቋሙን የማይገልጽባቸው። ከክፍፍሉ ይበልጥ የሚጠቅመን ከሥሩ ያለው ሐሳብ ነው፤ በአንድ ግስ ውስጥ የሁለት ሰዎች አቋም አለ፣ የተጠቃሹና የጠቃሹ። ሁለቱ ላይገጥሙ ይችላሉ፤ ተጠቃሹ በሙሉ ልብ የተናገረውን ጠቃሹ በጥርጣሬ ሊያቀርበው ይችላል፣ መብቱም ነው፣ አውቆ እስካደረገው ድረስ።

ለውበት ብሎ ግስ መቀያየር

ትምህርት ቤት ቃል አትድገሙ ተብለናል። ስለዚህ በአንድ አንቀጽ ‹‹ይላል›› አንዴ ከወጣ ቀጥሎ ‹‹ይሞግታል››፣ ከዚያ ‹‹ያሰምርበታል››፣ ከዚያ ‹‹ያረጋግጣል›› ይመጣል፣ ምንጩ ግን ያው አንድ ጸሐፊ፣ ሐሳቡም በአንድ ልክ የቀረበ ነው። አንባቢ ጸሐፊው ከገጽ ወደ ገጽ እየበረታ የሄደ ይመስለዋል። ሦስት ጊዜ ‹‹ይገልጻል›› ማለት ምንም ነውር የለበትም።

ባለቤቱ የማይታወቅ ‹‹ይባላል››

‹‹እምቦጭ በመርከብ እንደገባ ይነገራል›› የሚል ዓረፍተ ነገር ማን እንደሚናገር ስለማይገልጽ ሊጣራ አይችልም። የአገሬው ሰዎች የነገሯችሁ ከሆነ ‹‹ያነጋገርኳቸው ዓሣ አስጋሪዎች ይላሉ›› በሉ፤ ያለዚያ አውጡት። በነገራችን ላይ አማርኛችን ትልቅ ሰውን በአንቱታ ስለሚጠራ ‹‹ይሞግታሉ›› ሲባል አንድ የተከበሩ ሰው ይሁኑ ወይስ ሁለት አጥኚዎች አይለይም፤ የሁለት ሰዎች ሥራ ሲሆን ‹‹ሁለቱ አጥኚዎች›› ብሎ መጻፍ ጥርጣሬውን ያስቀራል።

አሁን ያ የመጀመሪያው አንቀጽ ሲታረም እንዲህ ይሆናል።

‹‹የመጀመሪያው ጥናት በሁለት ወንዞች መግቢያ ላይ የናይትሮጅንና የፎስፈረስ መጠን ከፍ ባለበት ቦታ እምቦጭም በብዛት መገኘቱን አሳይቷል፤ ይህም ከማሳ ታጥቦ የሚገባ ማዳበሪያ ለመስፋፋቱ አስተዋጽኦ ሊኖረው እንደሚችል ይጠቁማል። ሁለተኛው ጸሐፊ የባሕር ሸሽ እርሻ ችግሩን አባብሶታል ሲል ይሞግታል። በራሪ ወረቀቱ በማሽን ማስወገድ ዘላቂ መፍትሔ ነው ቢልም፣ ከጸዳው ቦታ ምን ያህሉ ተመልሶ እንደበቀለ አይገልጽም።››

ረዘም ብሏል። ነገር ግን በዚህኛው ውስጥ የተማሪው የራሱ ጥናት የት ጋ መግባት እንዳለበት ይታያል፤ ማዳበሪያው ገና አልተረጋገጠም፣ እርሻው ገና አልተለካም፣ የጸዳው ቦታም ገና የሚከታተለው ይፈልጋል። በመጀመሪያው ረቂቅ ሁሉም ነገር ‹‹ተረጋግጦ›› ስላለቀ የሚጠና አልተረፈም ነበር።